ካታሌዝ፣ ኦክሲዴዝ እና ኮአጉሌዝ፦ ያልታወቀ ኮሎኒን በቅደም ተከተል መለየት

ሦስቱም ቴስቶች ሲታዩ ቀላል ናቸው። አንዱ አረፋ ነው፣ አንዱ ቀለም ነው፣ አንዱ መርጋት ነው። እንዲያም ሆኖ ከተማሪም ከነባር ባለሙያም እጅ ደጋግመው ይበላሻሉ። ጥፋቱ ሪኤጀንቱ ላይ የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት ነው። አብዛኛው የሚበላሸው ከተሳሳተ ሚዲያ በተወሰደ ኮሎኒ፣ በተሳሳተ ሉፕ፣ ወይም ጨርሶ መሠራት በሌለበት ቴስት ነው።

የመጨረሻው ነገር ከሁሉም ይብሳል። ሦስቱን ቴስቶች ለሁሉም ኮሎኒ አንድ ላይ መሥራት የተለመደ ነገር ነው። ኢ. ኮላይም ካታሌዝ ፖዘቲቭ ነው፣ ስታፊሎኮከስም ካታሌዝ ፖዘቲቭ ነው። ስለዚህ አረፋ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። የቀደመው እርምጃ በር ካልከፈተለት የሚቀጥለው ቴስት መልስ ትርጉም የለውም። ይህ መመሪያም በዚያው ቅደም ተከተል ይሄዳል።

## ከመጀመራችሁ በፊት የሚዘጋጅ

ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ 3%። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው የቁስል ማጠቢያ ብዙ ጊዜ 3% ነው፤ ግን ጠርሙሱን አንብቡ። በፐርሰንት ፋንታ "10 ቮልዩም" የሚል ካለ ያው 3% ማለት ነው። "20 ቮልዩም" ግን 6% ነው፣ በእኩል ውሃ መቅጠን አለበት። ላቦራቶሪያችሁ ያለው 30% ከሆነ 1 እጅ ፐርኦክሳይድ ከ9 እጅ የተጣራ ውሃ ጋር ቀላቅሉ። 30% ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ያጠፋል። ጓንትና መነጽር ሳታደርጉ ክዳኑን አትክፈቱ። የቀጠነውን በጥቁር ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ፤ ብርሃንና ሙቀት ቀስ እያለ ወደ ውሃ ይመልሰዋል።

የኦክሲዴዝ ሪኤጀንት 1%። ቴትራሜቲል ፓራ ፌኒሊን ዳያሚን ዳይሃይድሮክሎራይድ የሚባለው ዱቄት ነው። 0.1 ግራም በ10 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ አሟሙና በዚያው ቀን ተጠቀሙበት። ሲዘጋጅ ቀለም የለውም። ራሱ ወደ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ከተለወጠ አየር አቃጥሎታል፣ ጣሉት። ዱቄቱም ፈሳሹም ቆዳ እንዳይነካ ጓንት አድርጉ።

ፕላዝማ። የሚመረጠው በኢዲቲኤ የተዘጋጀ የጥንቸል ፕላዝማ ነው። ደረቅ ሆኖ ይመጣል፣ በመመሪያው መሠረት ይሟሟል። የሰው ፕላዝማ የምትጠቀሙ ከሆነ ለኤችአይቪና ለሄፓታይተስ የተመረመረ መሆኑን አረጋግጡ። የሰው ፕላዝማ ሌላም ጣጣ አለው፤ አንዳንዱ ሰው በደሙ ውስጥ ስታፊሎኮከስን የሚቃወም ነገር ስላለው ቴስቱን ያዳክማል። አዲስ ፕላዝማ በታወቀ ኮሎኒ ሳይፈተን የታካሚ ሥራ ላይ አይውልም።

የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ስቲክ። ለዚህ ሥራ ኒክሮም የሚባለውን የተለመደ የሽቦ ሉፕ አትጠቀሙ። ብረቱ ፐርኦክሳይዱን ራሱ ያስፈላዋል፣ የኦክሲዴዝ ሪኤጀንቱንም ራሱ ያቀልመዋል። ፕላቲነም ሉፕ ካላችሁ ለኦክሲዴዝ ችግር የለውም፤ ፐርኦክሳይድ ውስጥ ግን እሱንም አታስገቡ። ከሌላችሁ አፕሊኬተር ስቲክ በቂና ርካሽ ነው።

የታወቁ ኮንትሮሎች። ለካታሌዝ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ፖዘቲቭ፣ ስትሬፕቶኮከስ ፓዮጂነስ ኔጌቲቭ። ለኮአጉሌዝ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ፖዘቲቭ፣ ስታፊሎኮከስ ኤፒደርሚዲስ ኔጌቲቭ። ለኦክሲዴዝ ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ ፖዘቲቭ፣ ኢ. ኮላይ ኔጌቲቭ። ኮንትሮሉ ባልሠራበት ቀን የታካሚው ውጤት አይነበብም። "ትናንት ሠርቶ ነበር" መልስ አይሆንም።

## ደረጃ 1፦ ንጹሕና ትኩስ ኮሎኒ

1. ከ18 እስከ 24 ሰዓት ያደገ ኮሎኒ ምረጡ። የቆየ ኮሎኒ ካታሌዙ ይዳከማል፣ ኦክሲዴዙም ይዘገያል።
2. ፕሌቱን ወደ ብርሃን አዘንብላችሁ እዩ። መጠኑ፣ ቀለሙ ወይም ጠርዙ የተለያየ ነገር ካለ ድብልቅ ነው።
3. ድብልቅ ከሆነ አንዱን ነጠላ ኮሎኒ ወስዳችሁ ኑትሪየንት አጋር ላይ ሰብካልቸር አድርጉ። አንድ ቀን ጠብቁ።

አንድ ቀን መጠበቅ ያስጠላል፣ ሐኪሙም ይደውላል። ግን ከድብልቅ ኮሎኒ የሚወጣ ውጤት የሁለቱም ባክቴሪያ አይደለም። የስታፊሎኮከሱ አረፋ ከስትሬፕቶኮከሱ ጋር ተደምሮ አንድ የሌለ ባክቴሪያ ይፈጥርላችኋል።

የሚዲያው ምርጫ እዚህ ላይ ይወሰናል። ኑትሪየንት አጋር ለሦስቱም ቴስቶች ይስማማል፣ ስለዚህ ሰብካልቸር ስታደርጉ እሱን ተጠቀሙ። ከብለድ አጋር መውሰድ ይቻላል፣ ግን ጥንቃቄ አለው፤ ደረጃ 3 ላይ ታገኙታላችሁ። ከማኮንኪ ለኦክሲዴዝ አትውሰዱ። ከማኒቶል ሶልት አጋር ለስላይድ ኮአጉሌዝ አትውሰዱ።

## ደረጃ 2፦ ግራም ስቴይን፣ መንገዱ የሚከፈልበት ቦታ

ከዚያው ኮሎኒ ስሚር ሠርታችሁ ግራም ስቴይን አድርጉ። ከዚህ በኋላ የምትሄዱበትን መንገድ የሚመርጠው ይህ ስላይድ ነው።

- ግራም ፖዘቲቭ ኮካይ ከሆነ (ሐምራዊ፣ ክብ)፦ ወደ ደረጃ 3 ሂዱ፣ ካታሌዝ።
- ግራም ኔጌቲቭ ባሲላይ ወይም ዲፕሎኮካይ ከሆነ (ቀይ)፦ ካታሌዝንና ኮአጉሌዝን ዝለሉ፣ በቀጥታ ደረጃ 6 ኦክሲዴዝ።
- ግራም ፖዘቲቭ ባሲላይ ከሆነ፦ ይህ መመሪያ ብዙ አይረዳችሁም። አብዛኞቹ ካታሌዝ ፖዘቲቭ ናቸው፣ ስለዚህ አረፋው አይለያቸውም።

ዲኮለራይዘር የበዛበት ስሚር ስታፊሎኮከስን ቀይ አድርጎ ያሳያል። እንዲህ ከሆነ ወደ ኦክሲዴዝ ትሄዳላችሁ፣ ኔጌቲቭ ታገኛላችሁ፣ ከዚያ "ኢንተሮባክቴሪያ" ትላላችሁ። ስለዚህ በእያንዳንዱ ስላይድ ጥግ ላይ የታወቀ ስታፊሎኮከስና የታወቀ ኢ. ኮላይ ጎን ለጎን ቀቡ። ሁለቱ በትክክል ካልተቀለሙ መሃል ያለውን አትመኑት።

### እዚህ ቁሙ የሚያሰኝ

ከደም ካልቸር ወይም ከመገጣጠሚያ ፈሳሽ የወጣ፣ በ24 ሰዓት በቅጡ የማይታይ፣ በግራም ስቴይን ደግሞ በጣም ደቃቅና ፈዛዛ ቀይ ኮኮባሲላይ ካያችሁ ብሩሴላ ሊሆን ይችላል። ጥሬ ወተት በሚጠጣበትና ከብት በሚረባበት አካባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ብሩሴላ የላቦራቶሪ ሠራተኛን በትንፋሽ ከሚይዙት ቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። የካታሌዝ አረፋ ሲፈነዳ ደግሞ ባክቴሪያውን ወደ አየር ይረጨዋል። ፕሌቱን ዝጉት፣ በፓራፊልም ጠቅልሉት፣ ለኃላፊው ንገሩ፣ የቀረው ሥራ በባዮሴፍቲ ካቢኔት ውስጥ ይሁን። ጠፍጣፋና ሸካራ ግራጫ ኮሎኒ ያላቸው፣ ደም የማያሟሙ፣ ትላልቅ ግራም ፖዘቲቭ ባሲላይ ሲገጥሟችሁም እንዲሁ አድርጉ፤ አንትራክስ ሊሆን ይችላል።

## ደረጃ 3፦ ካታሌዝ

ቴስቱ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። ባክቴሪያው ፐርኦክሳይድን ወደ ውሃና ኦክስጅን የሚሰብር ኤንዛይም አለው ወይስ የለውም? ኦክስጅኑ ነው አረፋ ሆኖ የሚታየው።

1. ንጹሕና ደረቅ ስላይድ ክፍት ፔትሪ ዲሽ ውስጥ አስቀምጡ።
2. በእንጨት ስቲክ ከኮሎኒው አናት ላይ ትንሽ ወስዳችሁ ስላይዱ ላይ ቀቡ። ትንሽ ሲባል በዓይን የሚታይ ነጭ ነጥብ ማለት ነው።
3. አንድ ጠብታ 3% ፐርኦክሳይድ በላዩ ጣሉ። አታማስሉት።
4. ወዲያው የፔትሪ ዲሹን ክዳን ግጠሙ። ፍንጣሪው ክዳኑ ላይ ይቀራል፣ ፊታችሁ ላይ አይመጣም።
5. ከሥር ጥቁር ነገር አድርጋችሁ እዩ።

ፖዘቲቭ ማለት ወዲያውኑ፣ በብዛት፣ የሚፈላ አረፋ ነው። ከ20 ሰከንድ በኋላ እየፈለጋችሁ የምታገኙት አንድ ሁለት አረፋ ፖዘቲቭ አይደለም።

ከብለድ አጋር የወሰዳችሁ ከሆነ። ቀይ የደም ሴል ራሱ ካታሌዝ አለው። ስቲኩ አጋሩን ጭሮ ትንሽ ደም ይዞ ከመጣ ስትሬፕቶኮከስም አረፋ ያወጣል። ከአናቱ ብቻ መውሰድ የሚባለው ለዚህ ነው። ጥርጣሬ ከገባችሁ፣ ኮሎኒ ከሌለበት የብለድ አጋር ክፍል ጥቂት ጭራችሁ ሌላ ስላይድ ላይ ያንኑ ፐርኦክሳይድ ጣሉበት። የዚያ አረፋ መጠን የደሙ ድርሻ ነው። ያላችሁ አረፋ ከዚያ የማይበልጥ ከሆነ ወደ ኑትሪየንት አጋር ሰብካልቸር አድርጉ።

ደካማ አረፋ ካገኛችሁ። አንዳንድ ኢንተሮኮከስ ፌካሊስ ደከም ያለ፣ የዘገየ አረፋ ያወጣል። እውነተኛ ካታሌዝ አይደለም። ግራም ስቴይኑን መልሳችሁ እዩ። ጥንድ ጥንድና አጭር ሰንሰለት ከሆነ ኢንተሮኮከስን አስቡ፣ እንደ ወይን ዘለላ ከተከማቸ ስታፊሎኮከስን።

ምንም አረፋ ከሌለ፣ ኮንትሮሉም ከሞተ። ፐርኦክሳይዱ አልቆለታል። አዲስ ክፈቱ፣ ከመጀመሪያው ድገሙ።

ካታሌዝ ኔጌቲቭ ከሆነ ስትሬፕቶኮከስ ወይም ኢንተሮኮከስ ላይ ናችሁ። እዚህ ጋ ኮአጉሌዝ መሥራት አያስፈልግም፣ መሠራትም የለበትም። ለምን እንደሆነ ደረጃ 5 ላይ ይመጣል። ካታሌዝ ፖዘቲቭ ከሆነና ክምችቱ የዘለላ ቅርጽ ካለው ቀጥሉ።

## ደረጃ 4፦ ስላይድ ኮአጉሌዝ

ይህ ፈጣኑ ነው። የሚያሳየው ከባክቴሪያው ግድግዳ ጋር የተጣበቀውን ክላምፒንግ ፋክተር ነው። ይህ ነገር የፕላዝማውን ፋይብሪኖጅን ይይዛል፣ ሴሎቹም ይጓጎላሉ።

1. አንድ ስላይድ በእርሳስ ለሁለት ክፈሉ። በሁለቱም ላይ አንድ አንድ ጠብታ ሳላይን ጣሉ።
2. ኮሎኒውን በሁለቱም ጠብታ ውስጥ በጥብጡ። ወተት መምሰል አለበት፣ ወፍራም ይሁን።
3. ፕላዝማ ከመጨመራችሁ በፊት ተመልከቱ። ሁለቱም ለስላሳ ናቸው? አንዱም ቢሆን ያለ ፕላዝማ ከተጓጎለ ቴስቱ እዚህ ያበቃል። በስላይድ አይነበብም፣ ወደ ቱቦ ሂዱ።
4. በአንደኛው ላይ አንድ ጠብታ ያልቀጠነ ፕላዝማ ጨምሩና በቀስታ ቀላቅሉ። ሁለተኛው ኮንትሮል ነው፣ አትንኩት።
5. እስከ 10 ሰከንድ ብቻ እዩ።

በ10 ሰከንድ ውስጥ ነጭ ጉብታዎች ከታዩና ኮንትሮሉ ለስላሳ ሆኖ ከቆየ ፖዘቲቭ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን አትቁጠሩ፤ ጠብታው እየደረቀ ሲሄድ ብዙ ነገር ጉብታ ይመስላል።

ከማኒቶል ሶልት አጋር የተወሰደ ኮሎኒ ከጨው ብዛት የተነሳ በሳላይኑም ይጓጎላል። 3ኛው ነጥብ የሚጠብቃችሁ ከዚህ ነው። ብዙ ሰው ያንን እርምጃ ይዘላል፤ ሁለተኛውን ጠብታ ጊዜ ማባከን አድርጎ ይቆጥረዋል። ከዚያ ማንኛውም የሚጓጎል ባክቴሪያ ኦሪየስ ሆኖ ይወጣል።

ስላይዱ ኔጌቲቭ ከሆነ አልጨረሳችሁም። ጥቂት የማይባሉ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ክላምፒንግ ፋክተር አያሳዩም። በተቃራኒው ስታፊሎኮከስ ሉግዱነንሲስና ሽላይፈሪ ስላይድ ላይ ፖዘቲቭ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ እኔ ስላይዱን እንደ ቅድመ ምልክት ነው የማየው። በስላይድ ብቻ "ኮአጉሌዝ ኔጌቲቭ" ብዬ አልፈርምም።

## ደረጃ 5፦ ቱቦ ኮአጉሌዝ

ይህኛው ባክቴሪያው ወደ ውጭ የሚለቀውን ኮአጉሌዝ ያሳያል። በፕላዝማው ውስጥ ካለው ፕሮትሮምቢን ጋር ተገናኝቶ ፋይብሪኖጅኑን ፋይብሪን ያደርገዋል፣ ፕላዝማው ይረጋል።

1. ሦስት ትንንሽ ቱቦ አዘጋጁ። አንዱ ለታካሚው፣ አንዱ ለፖዘቲቭ ኮንትሮል፣ አንዱ ለኔጌቲቭ ኮንትሮል። ስም ጻፉባቸው።
2. በእያንዳንዱ 0.5 ሚሊ ሊትር ፕላዝማ ጨምሩ። የተዘጋጀ የጥንቸል ፕላዝማ ከሆነ ጠርሙሱ በሚለው መሠረት። ያላችሁ ተራ ፕላዝማ ከሆነ 0.2 ሚሊ ሊትር ፕላዝማን ከ1.8 ሚሊ ሊትር ሳላይን ጋር ቀላቅሉ፤ ለሦስቱም ቱቦ ይበቃል።
3. ከማታ ጀምሮ ያደገ የብሮዝ ካልቸር 0.1 ሚሊ ሊትር ጨምሩ። ብሮዝ ከሌላችሁ ጥቂት ኮሎኒ ወስዳችሁ በፕላዝማው ውስጥ በጥብጡ።
4. ከ35 እስከ 37 ዲግሪ ሴልሺየስ ውስጥ አስቀምጡ።
5. በየ30 ደቂቃው እስከ 4 ሰዓት እዩ።
6. በ4 ሰዓት ኔጌቲቭ ከሆነ ከኢንኩቤተሩ አውጥታችሁ በክፍል ሙቀት አሳድሩት። በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ እንደገና አንብቡ።

### እንዴት ይነበባል

ቱቦውን በቀስታ አዘንብሉት። አትወዝውዙት፣ አትምቱት። ገና እየረጋ ያለ ፕላዝማ በቀላሉ ይሰበራል፣ ከተሰበረ በኋላ ተመልሶ ላይረጋ ይችላል።

ሙሉው ወደ ጄሊ ከተለወጠ ግልጽ ነው። ግማሹ ከረጋም፣ በፈሳሹ ውስጥ የሚንሳፈፍ አንድ የረጋ ነገር ካለም ፖዘቲቭ ነው። በቱቦው ውስጥ የሚዞር ደቃቅ ፍርፋሪ ወይም ክር ክር ነገር ብቻ ከሆነ ግን እሱ መርጋት አይደለም፣ ባክቴሪያው ተሰባስቦ ነው።

### ለምን ማታ በኢንኩቤተር አይተውም

አንዳንድ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የረጋውን ፋይብሪን መልሶ የሚያሟሙ ኤንዛይሞች አሏቸው። በሦስተኛው ሰዓት የረጋ ቱቦ ሌሊቱን በ37 ዲግሪ ካደረ ጠዋት ላይ ፈሳሽ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ማታ አዘጋጅቶ ጠዋት ብቻ የሚያነብ ሰው ኔጌቲቭ ብሎ ይጽፋል። ቴስቱን ጠዋት ሥራ ስትገቡ ጀምሩት። አራቱን ሰዓት ሊከታተል የሚችል ሰው በሌለበት ሰዓት አትጀምሩት።

### ኢንተሮኮከስን ቱቦ ውስጥ ማስገባት

ፕላዝማው በኢዲቲኤ ሳይሆን በሲትሬት የተዘጋጀ ከሆነ፣ ሲትሬትን የሚበሉ ባክቴሪያዎች አሉ። ከነሱ ውስጥ አንዳንድ ኢንተሮኮከስ ይገኛል፣ ሱዶሞናስም እንዲሁ። ሲትሬቱ ሲያልቅ ታስሮ የነበረው ካልሲየም ይለቀቃል፣ ፕላዝማው ያለ ምንም ኮአጉሌዝ በራሱ ይረጋል። ከደም ባንክ የሚመጣ ፕላዝማ በአብዛኛው የሲትሬት ነው። ግራም ስቴይንና ካታሌዝ ሳይሠራ ቱቦ ውስጥ የገባ ኢንተሮኮከስ በማግስቱ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ተብሎ ሊወጣ ይችላል። ካታሌዝ ኔጌቲቭ የሆነ ነገር እዚህ ደረጃ አይድረስ የሚባለው ለዚህ ነው።

## ደረጃ 6፦ ኦክሲዴዝ

ይህ ለግራም ኔጌቲቮች ነው። ባክቴሪያው ሳይቶክሮም ሲ ኦክሲዴዝ ካለው ቀለም የሌለውን ሪኤጀንት ጥቁር ሐምራዊ ያደርገዋል።

1. ፔትሪ ዲሽ ውስጥ ፊልተር ወረቀት አስቀምጡ።
2. ሁለት ጠብታ ትኩስ ሪኤጀንት ጣሉበት። ወረቀቱ ይርጠብ እንጂ አይዋኝ።
3. በእንጨት ስቲክ ኮሎኒውን ወስዳችሁ ወረቀቱ ላይ ቀቡ። በዛ አድርጉት።
4. ሰዓት ያዙ። እስከ 10 ሰከንድ።

በ10 ሰከንድ ውስጥ ጥቁር ሐምራዊ ከሆነ ፖዘቲቭ ነው። ከ10 እስከ 60 ሰከንድ ባለው ጊዜ የመጣ ቀለም የዘገየ ነው፤ በትኩስ ኮሎኒ ድገሙት። ከ60 ሰከንድ በኋላ የሚመጣውን አትዩት። ሪኤጀንቱ ከአየር ጋር ብቻውን ይቀለማል፤ ወረቀቱን ትታችሁ ሻይ ጠጥታችሁ ብትመለሱ ሁሉም ፖዘቲቭ ነው።

ግራም ኔጌቲቭ ባሲላይ ኦክሲዴዝ ፖዘቲቭ ከሆነ ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳን፣ ቪብሪዮን፣ ኤሮሞናስን አስቡ። ኔጌቲቭ ከሆነ ኢ. ኮላይ፣ ክሌብሴላ፣ ሳልሞኔላ፣ ሺጌላና ፕሮቲየስ ያሉበት ቤተሰብ ነው፤ አሲኔቶባክተርም ኔጌቲቭ ነው። ግራም ኔጌቲቭ ዲፕሎኮካይ ፖዘቲቭ ከሆነ ናይሴሪያ ወይም ሞራክሴላ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው የስኳርና የሌሎች ባዮኬሚካል ቴስቶች ሥራ ነው፣ ኦክሲዴዝ ብቻውን ስም አይሰጥም።

ከማኮንኪ ለምን አይወሰድም? ላክቶስ የሚያቦካ ባክቴሪያ አሲድ ያመነጫል። አሲዱ ኤንዛይሙን ያዳክመዋል፣ ፖዘቲቭ የነበረው ኔጌቲቭ ይመስላል። ሮዝ ቀለሙም ለማንበብ ያስቸግራል። ኤሮሞናስ በዚህ መንገድ ኢ. ኮላይ ተብሎ ያልፋል። ግሉኮስ ካለበት ሚዲያም አትውሰዱ። በአጠቃላይ ኑትሪየንት አጋር ወይም ብለድ አጋር።

ሪኤጀንቱን ፕሌቱ ላይ በቀጥታ ካንጠባጠባችሁ ኮሎኒው ይቀለማል፣ ወዲያውም ይሞታል። በዚህ መንገድ ከሠራችሁ ቀለሙ እንደታየ ሰከንድ ሳታባክኑ ሰብካልቸር አድርጉ። ፕሌቱ ላይ አንድ ኮሎኒ ብቻ ካላችሁ ይህን መንገድ ጨርሶ አትሞክሩት።

## አንድ ኮሎኒ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

ከቀዶ ጥገና ቁስል የተወሰደ መግል በብለድ አጋርና በማኮንኪ ላይ ተዘርቷል እንበል። በማግስቱ ማኮንኪው ባዶ ነው። ብለድ አጋሩ ላይ ክሬም መሳይ፣ ለስላሳ፣ ዙሪያቸውን ደም ያሟሙ ኮሎኒዎች አሉ። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው።

ግራም ስቴይኑ ሐምራዊ ኮካይ በዘለላ ያሳያል። የጎን ኮንትሮሎቹ ትክክል ናቸው። ስለዚህ ኦክሲዴዙ ይቀራል፣ ካታሌዝ ይቀጥላል።

ካታሌዙ ከኮሎኒው አናት ተወስዶ ወዲያው ይፈላል። ባዶው የብለድ አጋር ጭረት የሚያወጣው ጥቂት ደካማ አረፋ ብቻ ነው። ልዩነቱ ግልጽ ነው፣ ስታፊሎኮከስ ላይ ነን።

ስላይድ ኮአጉሌዙ ላይ ሁለቱም ጠብታ ለስላሳ ነው። ፕላዝማ ተጨመረ፣ 10 ሰከንድ አለፈ፣ ምንም የለም። ብዙ ላቦራቶሪ ሥራውን እዚህ ይዘጋል። ወረቀቱ ላይ "ኮአጉሌዝ ኔጌቲቭ ስታፊሎኮከስ" ይጻፋል፣ ሐኪሙ የቆዳ ብክለት ነው ብሎ ያልፈዋል።

ቱቦው ግን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይጀመራል። 3:30 ፈሳሽ ነው። 4 ሰዓት ላይም ፈሳሽ ነው። 5 ሰዓት ላይ ሲዘነበል ከታች አንድ የረጋ ነገር ከፈሳሹ ጋር አብሮ ሳይፈስ ይቀራል። 6 ሰዓት ላይ ግማሹ ቱቦ ጄሊ ነው። ፖዘቲቭ ኮንትሮሉ ቀድሞ ረግቷል፣ ኔጌቲቩ ፈሳሽ ነው። ይህ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ነው፤ ስላይዱ ያጣው ክላምፒንግ ፋክተሩን ነው እንጂ ኮአጉሌዙን አይደለም። በዚያው ቀን የመድኃኒት ሰንሲቲቪቲው ይዘጋጃል፤ ሦስቱ ቴስቶች ስለ መድኃኒት መቋቋም ምንም አይናገሩምና።

ናሙናው የመጣው ከሰው ሳይሆን ከውሻ ቢሆን፣ ወይም ውሻ ከነከሰው ሰው ቢሆን፣ ቱቦው ላይ አንቆምም ነበር። ስታፊሎኮከስ ሱዲንተርሚዲየስ የሚባለው የውሻ ባክቴሪያም ቱቦ ኮአጉሌዝ ፖዘቲቭ ነው።

## ውጤቶቹ ሲጋጩ

ካታሌዝ ፖዘቲቭ፣ ግራም ስቴይኑ ግን ሰንሰለት። በመጀመሪያ ድብልቅ ጠርጥሩ፣ ቀጥሎ ከብለድ አጋር የመጣ ደም። ከነጠላ ኮሎኒ ወደ ኑትሪየንት አጋር ሰብካልቸር፣ ከዚያ ሁለቱንም ድገሙ። ስሚሩን ከብሮዝ ብትሠሩት አደራደሩ ከፕሌት ኮሎኒ ይልቅ ጎልቶ ይታያል።

ስላይድ ፖዘቲቭ፣ ቱቦ በ24 ሰዓትም ኔጌቲቭ። የ4 ሰዓት ንባቡ ተወስዶ ነበር ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ካልተወሰደ ቱቦውን እንደ አዲስ ጀምሩት። ተወስዶ ኔጌቲቭ ከነበረ ሉግዱነንሲስን አስቡ፣ ወደ ሪፈራል ላቦራቶሪ ላኩ። ይህ ባክቴሪያ የልብ ቫልቭ ላይ ከባድ በሽታ ስለሚያመጣ በተለይ ከደም ካልቸር ከወጣ እንደ ተራ ብክለት አትጣሉት።

ቱቦ በ4 ሰዓት ኔጌቲቭ፣ በ24 ሰዓት ፖዘቲቭ። ንጹሕ ካልቸር ከነበረና ፕላዝማው የኢዲቲኤ ከሆነ ደካማ ኮአጉሌዝ ሊሆን ይችላል፣ በሌላ ቴስት አረጋግጡ። ፕላዝማው የሲትሬት ከሆነ ግን የዘገየው መርጋት ከብክለት ሊመጣ ስለሚችል ከቱቦው ግራም ስቴይን ሠርታችሁ ውስጡ ያለው የዘራችሁት ብቻ መሆኑን እዩ።

ሁለቱም የኦክሲዴዝ ኮንትሮሎች ሐምራዊ። ወይ ሪኤጀንቱ አርጅቷል፣ ወይ ሽቦ ተጠቅማችኋል። ንጹሕ ወረቀት ላይ ሪኤጀንቱን ብቻውን ጣሉና ሰዓት ያዙ። ያለ ባክቴሪያ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከቀለመ ጣሉት።

## ወረቀቱ ላይ ምን ይጻፋል

የሠራችሁትን ያህል ጻፉ። ስላይድ ብቻ ከሆነ የተሠራው ኔጌቲቭ ሲወጣ "ስታፊሎኮከስ፣ ቱቦ ኮአጉሌዝ በሂደት ላይ" ብላችሁ ቅድመ ውጤት ስጡ፣ ከሰዓት በኋላ አሟሉት። ካታሌዝ ኔጌቲቭ ግራም ፖዘቲቭ ኮካይ ብቻ በእጃችሁ ካለ "ስትሬፕቶኮከስ ወይም ኢንተሮኮከስ" በሉ እንጂ አንዱን አትምረጡ። ኦክሲዴዝ ኔጌቲቭ ግራም ኔጌቲቭ ባሲላይን ኢ. ኮላይ ብላችሁ አትጻፉ። መዝገቡ ላይ ደግሞ የፕላዝማውን ሎት ቁጥር፣ የኮንትሮሎቹን ውጤትና ቱቦው የረጋበትን ሰዓት አስፍሩ። በሳምንት ውስጥ የኦሪየስ ቁጥር በድንገት ካሽቆለቆለ በመጀመሪያ የምትከፍቱት ያንን መዝገብ ነው፣ ብዙ ጊዜም የፕላዝማው ሎት የተቀየረበት ቀን ላይ ያደርሳችኋል።